ግሽበቱ ቀነሰ፣ ዋጋው ግን አልወረደም

የወሩ የዋጋ ግሽበት ይፋ በሆነ ቁጥር አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ቁጥሩ ካለፈው ዝቅ ያለ ከሆነ ዜናው «ግሽበት ቀነሰ» ይላል፤ ዜናውን የሰማው ሰው ደግሞ «የት ገበያ ነው የቀነሰው?» ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ብሎ መደምደም ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዜናው የሚናገረው ዋጋ በምን ፍጥነት እየጨመረ እንደሆነ ነው፤ ሸማቹ የሚናገረው ዋጋው አሁን ስለደረሰበት ከፍታ ነው። የማክሮ ኢኮኖሚክስን የመጀመሪያ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎች ፈተና ላይ በብዛት የሚሳሳቱትም እነዚህን ሁለት ነገሮች ሲያምታቱ ነው።

ልዩነቱ ከአንድ ቤተሰብ የወር ወጪ ቢጀመር ይገባል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ የመረጥኳቸው እንጂ ከገበያ የተወሰዱ አይደሉም። ቤተሰቡ በመነሻው ዓመት በወር 25 ኪሎ ጤፍ በ100 ብር ሂሳብ፣ 5 ሊትር ዘይት በ200 ብር፣ 10 ኪሎ ሽንኩርት በ50 ብር ይገዛል። ለቤት ኪራይ 4,000 ብር ይከፍላል፤ በ20 ብር ታሪፍ መቶ ጊዜ ታክሲ ይሳፈራል። ስለዚህ ለጤፍ 2,500፣ ለዘይት 1,000፣ ለሽንኩርት 500፣ ለኪራይ 4,000፣ ለታክሲ 2,000 ብር ያወጣል፤ በድምሩ 10,000 ብር ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ጤፍ 130፣ ዘይት 240፣ ሽንኩርት 100 ብር ገባ። ኪራዩ 4,400፣ የታክሲው ታሪፍ 22 ብር ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በደመ ነፍስ የሚሠራው ስሌት አለ፦ ጤፍ 30 በመቶ፣ ዘይት 20፣ ሽንኩርት 100፣ ኪራይ 10፣ ታክሲ 10 በመቶ ጨመረ፤ ተደምሮ ለአምስት ሲካፈል አማካዩ 34 በመቶ ይመጣል። ስሌቱ ራሱ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን የቤተሰቡን ኑሮ አያሳይም፤ ምክንያቱም ለሽንኩርት የወጣችውን 500 ብርና ለኪራይ የወጣውን 4,000 ብር እኩል አድርጎ ይቆጥራል።

ትክክለኛው መንገድ ያንኑ ዘንቢል፣ ያንኑ መጠን፣ በአዲሱ ዋጋ መሙላት ነው። 25 ኪሎው ጤፍ አሁን 3,250፣ ዘይቱ 1,200፣ ሽንኩርቱ 1,000፣ ኪራዩ 4,400፣ ታክሲው 2,200 ብር ይፈጃል። ድምሩ 12,050 ብር ነው። ይህን ለመነሻው 10,000 አካፍለን በመቶ ስናበዛው 120.5 እናገኛለን። የዋጋ ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ቁጥር ነው፤ የመነሻው ዓመት ኢንዴክስ ሁልጊዜ 100 ነው። የዓመቱ ግሽበትም 20.5 በመቶ እንጂ 34 አይደለም።

ተመሳሳይ መልስ በሌላ መንገድም ይገኛል፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በተግባር የሚሠሩትም በዚህኛው ነው። ቤተሰቡ ከወጪው 25 በመቶውን ለጤፍ፣ 10 በመቶውን ለዘይት፣ 5 በመቶውን ለሽንኩርት፣ 40 በመቶውን ለኪራይ፣ 20 በመቶውን ለታክሲ ያውላል። እነዚህ ድርሻዎች ክብደት ይባላሉ። የእያንዳንዱ ዕቃ የዋጋ ጭማሪ በክብደቱ ተባዝቶ ሲደመር ከጤፍ 7.5፣ ከዘይት 2፣ ከሽንኩርት 5፣ ከኪራይ 4፣ ከታክሲ 2 ይገኛል፤ ጠቅላላው ያው 20.5 ነው። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ጥፋተኛውን ማሳየቱ ነው። ጤፍ የጨመረው በ30 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ በእጥፍ ከጨመረው ሽንኩርት ይልቅ ግሽበቱን የገፋው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓመት እንለፍ። ጤፍ 140፣ ዘይት 250 ብር ገባ። ሽንኩርት ረከሰና 70 ብር ሆነ። ኪራዩ 5,200፣ ታሪፉ 24 ብር ደረሰ። ዘንቢሉ በአዲሱ ዋጋ 13,050 ብር ይጠይቃል፤ ኢንዴክሱ 130.5 ነው። የሦስተኛውን ዓመት ግሽበት ለማግኘት ብዙ ተማሪ 130.5 ላይ 120.5 ቀንሶ «10 በመቶ» ብሎ ይጽፋል። ይህ የነጥብ ልዩነት እንጂ የመቶኛ ለውጥ አይደለም። ልዩነቱ ጭማሪው ለተነሳበት ለ120.5 መካፈል አለበት፤ ያኔ 8.3 በመቶ ይመጣል።

ዜናው እንግዲህ «ግሽበት ከ20.5 ወደ 8.3 በመቶ ወረደ» ይላል፤ አልዋሸም። የቤቱ እመቤት ደግሞ ባለፈው ዓመት በ12,050 ብር የሞላችው ዘንቢል አሁን 13,050 ይላታል፤ እሷም አልዋሸችም። ከመነሻው ዓመት ጋር ሲተያይማ 3,050 ብር ጨምሮባታል። የቤቱ ገቢ 10,000 ብር ላይ ቆሞ ከቀረ፣ ያ ገንዘብ በሦስተኛው ዓመት የሚገዛው በመነሻው ዓመት 7,663 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። ደመወዙ ወደ 12,500 ከፍ ብሎ ቢሆን እንኳ፣ ለ1.305 ሲካፈል የመግዛት አቅሙ 9,579 ብር ነው፤ የ25 በመቶ ጭማሪ አግኝቶም ከመነሻው ወደ ኋላ ቀርቷል። ዋጋው ወደ ቀድሞው ቦታ የሚመለሰው ግሽበቱ ሲቀንስ ሳይሆን ከዜሮ በታች ሲወርድ ነው። ያ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የንግድና የሥራ መቀዛቀዝን ይዞ ስለሚመጣ፣ ዋጋን በጅምላ ወደ ታች ለመመለስ ግብ የሚይዝ ማዕከላዊ ባንክ አይገኝም።

ለመሆኑ የማን ዘንቢል ነው የሚለካው? የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በቀድሞ ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ለዓመታት ሲጠቀምበት የኖረው ኢንዴክስ መነሻው ታኅሣሥ 2009 ሲሆን፣ ክብደቶቹ የተወሰዱት በ2008 ዓ.ም. ከተካሄደው የቤተሰብ የፍጆታ ወጪ ጥናት ነው። በዚያ ዘንቢል ውስጥ ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ክብደት አለው። በአሜሪካው ኢንዴክስ የምግብ ድርሻ 14 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ እህል በዓለም ገበያ በተመሳሳይ መጠን ቢወደድ፣ የአዲስ አበባውና የዋሽንግተኑ ግሽበት በጣም የተለያየ ቁጥር ያሳያሉ። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በስልክ «እዚህም ኑሮ ተወዷል» ሲል እውነቱን ነው፤ የሚመታው ግን የዘንቢሉ ሌላ ክፍል ነው።

በአንድ አገር ውስጥም ቢሆን ዘንቢሉ የአማካዩ ቤተሰብ እንጂ የማንም አይደለም። ከወጪው 45 በመቶውን ለጤፍ፣ 10 በመቶውን ለዘይት፣ 10 በመቶውን ለሽንኩርት፣ 25 በመቶውን ለኪራይ፣ 10 በመቶውን ለታክሲ የሚያውል ሌላ ጎረቤት እንውሰድ። በሁለተኛው ዓመት ያው ገበያ፣ ያው ዋጋ ነው የገጠመው። ክብደቱን ከጭማሪው ጋር ስናባዛ ግን የእሱ ግሽበት 29 በመቶ ይሆናል። ምግብ ሲወደድ ድሃው ቤት ከይፋዊው ቁጥር በላይ ይጎዳል፤ ይህን ለማስረዳት ቁጥሩ ተጭበርብሯል ማለት አያስፈልግም። በጨው ዘመን ከመንግሥት በተከራየው ቤት የሚኖርና ዘንድሮ አዲስ ቤት የተከራየ ሰውም እንዲሁ የየራሳቸው ግሽበት አላቸው። ቤት ወይም መሬት ለመግዛት የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ከነጭራሹ በሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ውስጥ አይገባም፤ ኢንዴክሱ የሚከታተለው ፍጆታን እንጂ ሀብትን ስላልሆነ ነው። የኮንዶሚኒየም ዋጋ ሰማይ ሲነካ ኢንዴክሱ ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ዘንቢሉን ሳይነኩ ዋጋውን ብቻ የመለወጥ ዘዴ ከጀርመናዊው ኤቲየን ላስፔይሬስ ስም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ እሱም ቀመሩን በ1871 እ.ኤ.አ. አቀረበ። ድክመቱ ከእኛው ምሳሌ ላይ ይታያል። ሽንኩርት 100 ብር ሲገባ ቤተሰቡ አሁንም 10 ኪሎ ይገዛል ብለናል። እውነተኛ ሰው ግን እጁን ይሰበስባል፤ 6 ኪሎ ይገዛል እንበል። የአዲሱን ዓመት መጠን ይዘን ሁለቱንም ዓመት ብናሰላ፣ ዘንቢሉ በመነሻው ዋጋ 9,800፣ በአዲሱ ዋጋ 11,650 ብር ነው፤ ኢንዴክሱ 118.9 ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ዘዴ በሌላው ጀርመናዊ በኸርማን ፓሼ ስም ይጠራል። በ120.5 እና በ118.9 መካከል ያለው ክፍተት፣ ሰው ከተወደደው ዕቃ መሸሹ ከመዝገብ የወጣበት ነው። ላስፔይሬስ ሽሽቱን ስለማያይ ግሽበቱን ትንሽ ያጋንናል። ፓሼ በበኩሉ ያሳንሰዋል፤ ወጥ ያለ ሽንኩርት መብላትን እንደ ኪሳራ አይቆጥርምና።

ታዲያ አገሮች ለምን ላስፔይሬስን ይመርጣሉ? ምክንያቱ ተግባራዊ ነው። ፓሼ በየወሩ አዲስ የፍጆታ ጥናት ይጠይቃል፤ ሺዎች ቤተሰቦች ምን በሉ፣ ምን ለበሱ እየተባለ በየወሩ መጠየቅ አይቻልም። ላስፔይሬስ ግን አንድ ጥናት ይበቃውና ከዚያ በኋላ የሚለካው ዋጋ ብቻ ነው። ችግሩ ጥናቱ ሲያረጅ ነው። የ2008 ዓ.ም. ቤተሰብ ለሞባይል ኢንተርኔት ያወጣ የነበረውና ከዓመታት በኋላ የሚያወጣው አንድ አይደለም። ክብደቱ በቆየ ቁጥር ኢንዴክሱ የሚለካው የማንንም ያልሆነ ዘንቢል መሆን ይጀምራል፤ መነሻ ዓመት በየጊዜው የሚታደሰውም ለዚህ ነው።

ዋጋ መሰብሰቡም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ዋጋ ሰብሳቢው ያንኑ ዕቃ፣ ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ መጠን ከወር ወር መከተል አለበት። ሽንኩርት በኪሎ ከተሸጠ ቀላል ነው። በመደብ ሲሸጥ ግን መደቡ ባለፈው ወር ስድስት ራስ፣ ዘንድሮ አራት ራስ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው «አልጨመረም»፣ ሽንኩርቱ ግን አንሷል። ስለዚህ መደቡን ወደ ኪሎ ሳይለውጡ መመዝገብ ግሽበትን መደበቅ ነው። ዳቦም እንደዚሁ ነው፤ የዳቦ ቤቱ ተለጣፊ ዋጋ ሳይነካ ግራሙ ሲቀነስ በእውነቱ ዋጋው ጨምሯል። ማኛ ጤፍ ከገበያ ጠፍቶ ሰርገኛ ብቻ ቢገኝ፣ የሰርገኛውን ዋጋ በማኛው ቦታ መጻፍ ጤፍ ረከሰ እንደማለት ይሆናል። እንዲህ ያለው ስህተት ብዙ ጊዜ ከተንኮል ሳይሆን ከድካም የሚመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ጾምና በዓልም የራሳቸው አሻራ አላቸው። ለፋሲካ ዋዜማ ዶሮ፣ እንቁላልና ቅቤ ይወደዳሉ፤ በሳምንቱ ይረጋጋሉ። ይህን ወቅታዊ ውጣ ውረድ ለማለፍ ነው ይፋዊው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የዘንድሮን ወር ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያወዳድረው። ፋሲካ ግን ቀኑ አይረጋም። በ2015 ሚያዝያ 8፣ በ2016 ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን ነበር የዋለው። አንዱ ዓመት ዋጋ በሚሰበሰብበት ሰሞን የበዓሉ ዋዜማ ሲሆን፣ ሌላው ዓመት ገና ጾም ነው። በዚህ የተነሳ የአንድ ወር ቁጥር ብቻ ይዞ «ግሽበት ዘለለ» ወይም «ወደቀ» ማለት ችኮላ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ የአሥራ ሁለት ወር ተንከባላይ አማካይ ነው፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ወራት ኢንዴክሶች አማካይ ከዚያ በፊት ከነበሩት አሥራ ሁለት ወራት አማካይ ጋር ያወዳድራል። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው፤ ገበያው ከተለወጠ ከወራት በኋላም አማካዩ የድሮውን ወሬ ማውራቱን አይተውም።

መለኪያውን ከያዝን መንስኤውን መፈለግ እንችላለን። ኢንዴክሱ ራሱ የመጀመሪያውን ፍንጭ ይሰጣል። የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ በአሥራ ሁለት ዋና ዋና ምድቦች ይከፈላል፤ ምግብ፣ አልባሳት፣ መኖሪያ ቤትና ኃይል፣ ትራንስፖርት፣ ጤናና ሌሎችም። አንዱ ምድብ ብቻ ተስፈንጥሮ ሌሎቹ በቦታቸው ካሉ፣ ለምሳሌ ዝናብ ሳያቋርጥ ጥሎ ማሳ ላይ ያለውን ሽንኩርት ቢያበሰብሰው፣ ይህ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከሌሎቹ አንጻር መለወጥ ነው። አዲሱ ምርት ሲገባ ይስተካከላል። አሥራ ሁለቱም ምድቦች ለወራት አንድ ላይ ወደ ላይ ሲሄዱ ግን ነገሩን ሽንኩርት ላይ ማላከክ አይቻልም። ሁሉም ዋጋ አንድ ላይ የሚለካበት ነገር ብር ነው፤ ስለዚህ መጠርጠር ያለበት ብሩ ራሱ ነው።

የመማሪያ መጽሐፍት ይህን በአንዲት ቀመር ያስቀምጡታል፦ M × V = P × Y። M በኢኮኖሚው ውስጥ ያለው የገንዘብ መጠን፣ V አንድ ብር በዓመት ስንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍ፣ P የዋጋ ደረጃ፣ Y የተመረተው ዕቃና አገልግሎት ነው። የብሩ ዙር ካልተለወጠ፣ ገንዘቡ በ25 በመቶ ምርቱ ደግሞ በ8 በመቶ ካደጉ፣ 1.25 ለ1.08 ሲካፈል 1.157 ይሆናል። የዋጋው ደረጃ ወደ 16 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል ማለት ነው። ገንዘቡ ከየት ይጨምራል? ባንኮች ብድር ሲሰጡ፣ ወይም መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ በመበደር ሲሸፍን። በኢትዮጵያ ይህ ሁለተኛው መንገድ ለረጅም ዓመታት ክፍት ነበር።

ቀመሩ ሁሉን ይመልሳል ብሎ መያዝ ግን ያሳስታል። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓመታዊ ግሽበት 64 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ በአገር ውስጥ ገንዘብ በፍጥነት እያደገ ነበር፤ በዓለም ገበያም እህልና ነዳጅ በአንድ ሰሞን ተወድደው ነበር። ሁለቱ እየተደጋገፉ ሲመጡ «ይህ ያህሉ ከብሩ፣ ይህ ያህሉ ከዓለም ገበያ» ብሎ መለየት ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ የጥናት ወረቀት የተጻፈውም በዚሁ ላይ ነው። በግንቦት 2014 ግሽበቱ 37 በመቶ ገደማ በደረሰ ጊዜም ምክንያቱ አንድ አልነበረም። የሰሜኑ ጦርነት ማሳንም መንገድንም ዘግቷል፤ በደቡብና በምሥራቅ ድርቅ ነበር፤ የዩክሬኑ ጦርነት ስንዴን፣ ዘይትንና ነዳጅን አስወድዷል፤ መንግሥትም ከብሔራዊ ባንክ ይበደር ነበር። የአቅርቦት ችግር ዋጋውን አንዴ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዋጋው ከዓመት ዓመት መውጣቱን እንዲቀጥል ግን የሚያቀጣጥለው ገንዘብ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው መንስኤ በሰው አእምሮ ውስጥ ነው ያለው። ነጋዴው የሸጠውን ዕቃ መልሶ የሚተካበት ዋጋ ከፍ ይላል ብሎ ካመነ፣ መጋዘን ያለውን ዛሬ በነገው ዋጋ ይሸጣል፤ ወይም አይሸጥም። አከራዩ ውል ሲያድስ የሚመጣውን ዓመት ግሽበት ከወዲሁ ያስከፍላል። ሠራተኛውም ደመወዝ ሲጠይቅ እንደዚያው ያስባል። እንዲህ ሲሆን ግሽበት ይሆናል ስለተባለ ብቻ ይሆናል። በቀመሩ ቋንቋ V ይጨምራል፤ ብር እጁ ላይ ማቆየት የሚፈልግ ሰው የለምና።

መንስኤውን ሳይለዩ ቁጥሩን ብቻ መምታት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ጥር 2003ን ማስታወስ ይበቃል። መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በዱቄትና በሌሎች መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። በተመኑ የሚሸጥ ዕቃ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ሰልፍ መጣ፤ ከወራት በኋላ አብዛኛው ተመን ተነሳ። የ2011 እ.ኤ.አ. አማካይ ግሽበት ግን 33 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተመዘገበ። ለመለኪያውም ጣጣ ነበር፦ ዋጋ ሰብሳቢው ሱቅ ገብቶ «ዘይት በተመኑ ነው» ሲባል፣ ነገር ግን ዘይቱ ከሌለ፣ የትኛውን ዋጋ ይመዝግብ? ሰው የማይገዛበት ዋጋ በኢንዴክሱ ውስጥ ከገባ ቁጥሩ ከኑሮው ይለያል።

ከዚህ በተቃራኒ ብዙዎችን ያስገረመው የ2016 ሐምሌ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ በእጥፍ ሊጠጋ ነውና፣ ግሽበቱ ይፈነዳል ተብሎ ተፈራ። በዚያው ወር ዓመታዊው ግሽበት 18.6 በመቶ ነበር፤ በነሐሴ አልዘለለም፤ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ አለ።

የዘንቢሉን ስሌት ለያዘ ሰው ይህ እንቆቅልሽ አይሆንበትም። ብዙ አስመጪዎች በባንክ ዶላር ስለማያገኙ ዕቃቸውን ቀድሞውኑ በትይዩ ገበያው፣ ማለትም በጥቁር ገበያው ምንዛሪ እየተመኑ ነበር፤ የባንኩ ቁጥር ሲለወጥ ሱቅ ውስጥ ያለው ዋጋ አብዛኛውን ጉዞ አስቀድሞ ሄዶታል። በይፋዊው ምንዛሪ ይገባ የነበረው በዋናነት ነዳጅ ሲሆን፣ የእሱን ዋጋ መንግሥት በአንዴ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ አሻሻለው። ከግማሽ በላይ ክብደት ያለው ምግብም በብዛት እዚሁ የሚመረት ነው፤ ጤፍ በዶላር አይገዛም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወስኖ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አስተዋወቀ፤ መንግሥትም ከባንኩ በቀጥታ መበደሩን አቆመ። M ተይዟል ማለት ነው።

ይህም ሆኖ መድኃኒት፣ መለዋወጫና ከውጭ የሚገባ ዱቄት ወተት የሚገዛው ቤት የዚያን ዓመት ግሽበት በ18.6 በመቶ አይደለም የሚያስታውሰው። የእሱ ዘንቢል ውስጥ የዶላር ድርሻው ከፍ ያለ ነው፤ በአማካዩ ዘንቢል ውስጥ ግን ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ጭማሪው በጤፍና በሽንኩርት ተውጦ ቀርቷል። ይፋዊውን መግለጫ የሚያነብ ተማሪ ከጠቅላላው ቁጥር አልፎ ምግብ ነክ ወደሆኑትና ወዳልሆኑት ዓምዶች፣ ከዚያም ወደ አሥራ ሁለቱ ምድቦች መውረድ ያለበት ለዚህ ነው፤ በአንዱ መስመር ላይ ለብቻው የወጣ ጭማሪ በጠቅላላው ቁጥር ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል።